ፒቲው ደህና ነው ማለት ልጁ አይደማም ማለት አይደለም

«ፒቲው ኖርማል ነው። ደሙ በደንብ ይረጋል፤ ጥርሱን መንቀል ይቻላል።»

ጅማ ውስጥ በላቦራቶሪ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ያህል ያንገሸገሸኝ አባባል የለም። የሚናገሩት ደግሞ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ፕሮትሮምቢን ታይም፣ በአጭሩ ፒቲ የምንለው ምርመራ፣ የደምን የመርጋት አቅም በሙሉ የሚመዝን ሚዛን ይመስላቸዋል። ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ አንድ ጊዜ ቆሞ ያየ ሰው እንዲህ አይልም።

ደሙ ሰማያዊ ክዳን ባለውና ሲትሬት ባለበት ቲዩብ ይቀዳል። ሲትሬቱ ካልሲየሙን ስለሚይዘው ደሙ ቲዩቡ ውስጥ አይረጋም። ሴንትሪፊውጁ ካዞረው በኋላ ቀይ የደም ሕዋሳት ይዘቅጣሉ፤ ከላይ የገለባ ቀለም ያለው ፕላዝማ ይቀራል። ከእሱ 100 ማይክሮሊትር ወስደን 37 ዲግሪ ላይ እናሞቃለን። ከዚያ ትሮምቦፕላስቲን የተባለውን ሬጀንት 200 ማይክሮሊትር ስንጨምርበት ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ሬጀንቱ ውስጥ ቲሹ ፋክተር፣ ፎስፎሊፒድ የተባለ ስብ እና ሲትሬቱ የነጠቀውን የሚተካ ካልሲየም አሉ። ፕላዝማው የመጀመሪያዎቹን የፋይብሪን ክሮች ሲሠራ ሰዓቱ ይቆማል። በምንጠቀምበት ሬጀንት ጤነኛ ሰው ከ11 እስከ 14 ሰከንድ ይፈጅበታል።

በእነዚያ ሰከንዶች የሚሆነው ይህ ነው። ቲሹ ፋክተር ደም ውስጥ ካሉት፣ በቁጥር ከሚጠሩት የመርጋት ፕሮቲኖች አንዱ ከሆነው ከፋክተር 7 ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱ ሆነው ፋክተር 10ን ያስነሳሉ። እስከዚህ ያለው ውጫዊው መንገድ ይባላል። ከፋክተር 10 በኋላ ያለው የጋራው መንገድ ነው፤ ፋክተር 10 በፋክተር 5 ረዳትነት ፕሮትሮምቢንን ወደ ትሮምቢን ይለውጣል፤ ትሮምቢን ደግሞ ፋይብሪኖጅንን ወደ ፋይብሪን ይለውጣል። በቃ። ፋክተር 8 አልተጠራም፤ ፋክተር 9 አልተጠራም፤ ፋክተር 11ም እንዲሁ። ሄሞፊሊያ የተባለው፣ ደም አልቆም የሚልበት የዘር ሕመም ያለበት ሰው የሚጎድሉት ደግሞ 8 ወይም 9 ናቸው። ስለዚህ ከባድ ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ፒቲው እንደ ማንኛውም ጤነኛ ልጅ 12 ሰከንድ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንደዚያው ነው።

«ታዲያ 8 ሳይኖር ፕላዝማው እንዴት ረጋ?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል፤ ዋናው ጥያቄ ይህ ነውና። ለቡና ከሰል ስናያይዝ የምናደርገውን አስቡ። ክብሪት ጭረን ጥቂት ጭራሮ እናስነሳለን፤ ከሰሉ ግን በዚያች እሳት ብቻ አይቀላም። ማራገቢያ አንስተን ማራገብ አለብን። በሰውነታችን ውስጥ ቲሹ ፋክተር ያቺ የክብሪት እሳት ናት። ደም ሥር ሲቆረጥ ከሥሩ ያሉት ሕዋሳት ጥቂት ቲሹ ፋክተር ለደሙ ያጋልጣሉ፤ ትንሽ ትሮምቢን ይፈጠራል፤ ወዲያው ሰውነት ራሱ ያንን ጅማሬ ያፍነዋል። እሳቱን ወደ ፍም የሚያደርሱት 8 እና 9 ናቸው፤ ማራገቢያው እነሱ ናቸው። በፒቲ ምርመራ ግን በሰውነት ውስጥ ከሚኖረው እጅግ የበዛ ቲሹ ፋክተር ነው የምንጨምረው። ከሰሉ ላይ ነጭ ጋዝ አርከፍክፎ እንደ መለኮስ ነው፤ ቦግ ይላል፤ ቤቱ ውስጥ ማራገቢያ መኖር አለመኖሩን ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም። በዚያ ላይ ሰዓቱ የሚቆመው ሊፈጠር ከሚችለው ትሮምቢን ገና ወደ 5 በመቶ ገደማ ሲፈጠር ነው። የቀረው ምን ያህል እንደሚፈጠር፣ የረጋው ደም ይጥና ወይም ይፍረስ፣ ፒቲ አያይም።

አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እናቱ ከአጋሮ በኩል ነው ያመጣችው። የተበላሸ መንጋጋ ጥርሱ ጠዋት ተነቀለ፤ ጥጥ ነክሶ ተቀመጠና መድማቱ ቆመ። ማታ ግን ትራሱ በደም ርሶ ተገኘ። ጠዋት ቆሞ ማታ መጀመሩ ራሱ ይናገራል፤ ፕላትሌቶቹ ቀዳዳውን ደፍነውት ነበር፤ ያንን መድፈኛ የሚያጠብቀው ፋይብሪን ግን አልመጣም። በሦስተኛው ቀን እኔ ዘንድ ሲደርስ ከእናቱ ነጠላ ጫፍ ጋር የተጣበቀ፣ ጉበት የመሰለ የረጋ ደም ከአፉ ይንጠለጠል ነበር። እናቱ የያዘችው ወረቀት ላይ «ፒቲ 12.8 ሰከንድ፣ ኖርማል» ይላል። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «የመርጋት ችግር የለበትም» ተብሎ ተጨምሯል።

ቁጥሩ ትክክል ነበር። ደግሜ ሠራሁት፤ 12.6 መጣ። ከዚያ ማንም ያላዘዘውን ኤፒቲቲ ሠራሁ። ይህኛው ምርመራ ቲሹ ፋክተር የለውም፤ የመስታወት ዓይነት ገጽ የሚሆን ዱቄት፣ ፎስፎሊፒድ እና ካልሲየም ይገባበታል፤ መርጋቱ ከፋክተር 12 ተነስቶ በ11፣ በ9 እና በ8 አልፎ ነው ወደ ጋራው መንገድ የሚደርሰው፤ ይህም ውስጣዊው መንገድ ይባላል። ጤነኛ ሰው እስከ 36 ሰከንድ ይበቃዋል። የልጁ 92 ሰከንድ ሆነ።

ፒቲ ደህና፣ ኤፒቲቲ ረጅም። ከ10 በታች ያለው የጋራ መንገድ በፒቲ ስለተፈተነ ጥፋቱ ከዚያ በላይ፣ በውስጣዊው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ፒቲ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፤ ከኤፒቲቲ ጋር ተጣምሮ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ ሲያሳይ። ቀጥሎ የልጁን ፕላዝማ ከጤነኛ ሰው ፕላዝማ ጋር እኩል በእኩል ቀላቀልኩት። ወደ 35 ሰከንድ ወረደ፤ 37 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አቆይቼ ስደግመውም እዚያው ቀረ። የጎደለ ነገር ከሆነ ግማሹን መሙላት ይበቃል፤ ፋክተሩን የሚያጠቃ ፀረ-አካል ቢኖር ኖሮ ግን ድብልቁም ይረዝም ነበር።

እናቱን «እህቴ፣ በአንቺ ወገን ደም አልቆም ያለው ሰው ነበር?» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ታላቅ ወንድሜ በግርዘቱ ነው የሞተው፤ እኔ አላውቀውም፤ እናቴ ናት የምትነግረኝ» አለች። ልጁ ጉልበቱ እያበጠ ሁለት ጊዜ ወጌሻ ዘንድ ወስደውት ታሽቷል። የእሱም ግርዘት ለክረምቱ ዕረፍት ታስቦ ነበር። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ ፋክተር 8 መጠኑ 3 በመቶ ሆኖ ተመለሰ፤ መካከለኛ ሄሞፊሊያ ኤ ነው።

ስለዚህ አደራ እላለሁ። ከጥርስ መንቀልና ከግርዘት በፊት አንደኛው ምርመራ ጥያቄ ነው፤ ሲወለድ እምብርቱ ደምቷል ወይ፣ ሲወድቅ መገጣጠሚያው ያብጣል ወይ፣ የእናቱ ወንድሞች እንዴት ናቸው? መልሱ ካስጠረጠረ ፒቲ ብቻ አትዘዙ፤ ኤፒቲቲና የፕላትሌት ቆጠራም ጨምሩ። ሁሉም ደህና ቢሆኑ እንኳ ታሪኩ የደማ ሰው ታሪክ ከሆነ ታሪኩን እመኑ፤ ቀላል ሄሞፊሊያና የቮን ቪለብራንድ በሽታ ሁሉንም ሊያልፉ ይችላሉ፤ የፋክተር 13 ጉድለት ደግሞ በሁለቱም አይታይም። የተረጋገጠበት ልጅ ለሕመሙ አስፕሪንም ዲክሎፌናክም አይሰጠው፤ መርፌ ታፋው ላይ አይወጋ፤ ያበጠ ጉልበቱ አይታሽ።

የምሰማቸው ሌሎች አባባሎችም አሉ።

«ውስጣዊውና ውጫዊው ሰውነታችን ውስጥ ያሉ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው።»

ሰሌዳ ላይ ነው የተለያዩት። የፋክተሮቹ ሰንሰለት በ1964 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲታተም ሙከራዎቹ በመስታወት ውስጥ የተሠሩ ነበሩ። በ1977 ግን ቲሹ ፋክተርና ፋክተር 7 ፋክተር 9ንም እንደሚያስነሱ ታወቀ፤ ትሮምቢንም ተመልሶ 11ን፣ 8ን እና 5ን ያነቃል። ሰውነት ውስጥ አንድ እሳት ነው ያለው።

«ኤፒቲቲ ከረዘመ የግድ ይደማል።»

የግድ አይደለም። ፋክተር 12 የሌለው ሰው ኤፒቲቲው እጅግ ይረዝማል፤ ቀዶ ሕክምና ላይ ግን ከሌላው የበለጠ አይደማም።

«የጉበት ሕመምተኛው አይኤንአር 2 ነው፤ ዋርፋሪን እንደሚወስድ ሰው ደሙ ቀጥኗል።»

አይኤንአር የፒቲ ውጤት ከሬጀንት ሬጀንት እንዳይለያይ ለዋርፋሪን ተጠቃሚዎች የተሠራ ማስተካከያ ነው። የታመመ ጉበት መርጋትን የሚገቱትን ፕሮቲኖችም አብሮ ስለሚቀንስ ያ ሰው ደሙ ሥር ውስጥ ሊረጋበትም ይችላል።

«ልጁ ትንሽ ነው፤ ቲዩቡ ግማሽ ቢሞላም ይሠራል።»

አይሠራም! ቲዩቡ ውስጥ ያለው ሲትሬት የተለካው ለዘጠኝ እጅ ደም አንድ እጅ ሲትሬት ተብሎ ነው። ደሙ ሲያንስ የተረፈው ሲትሬት እኛ በሬጀንት የምንጨምረውን ካልሲየም ይውጠዋል፤ ሰዓቱም በሐሰት ይረዝማል። የቲዩቡ ምልክት ላይ ያልደረሰ ናሙና ይመለስልኛል ብላችሁ ጠብቁ፤ ብትቆጡም እመልሰዋለሁ።

የዚያ ልጅ የአራት ዓመት ታናሽ ወንድም እንዲመረመር ሲላክ ይኸው ደረሰበት። ፒቲው 17፣ ኤፒቲቲው 58 ሰከንድ ወጣ። ሥራ ላይ የነበረው ወጣት ባልደረባዬ «እሱም ሄሞፊሊያ አለበት» ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን አንስቷል። ሄሞፊሊያ ፒቲን አያስረዝምም፤ ሁለቱም በአንድ ላይ መርዘማቸው አላማረኝም። ቲዩቡን ከመደርደሪያው አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት፤ ደሙ ከምልክቱ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ቆሟል። እናቱን ከኮሪደሩ ጠርተን እንደገና ቀዳንለት፤ በዚህ ጊዜ እስከ ምልክቱ። ፒቲ 12.4፣ ኤፒቲቲ 31 ሰከንድ።