በጂኦግራፊ ፈተና የሰንጠረዥና የግራፍ ጥያቄ ምንድን ነው?

በሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ ፈተና ሰንጠረዥ ወይም ግራፍ አስቀምጦ የሚጠይቅ ጥያቄ፣ ተማሪው የቀረበለት መረጃ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል ለይቶ የሚያሳይበት ጥያቄ ነው። «የዝናቡን ሥርጭት ግለጽ» ሲባል የነፋሶችን አቅጣጫ የዘረዘረ ተማሪ፣ የበለጠ ስላወቀ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል የሚሉ አስተያየት ሰጪ ገጥመውኛል፤ የእርሳቸውን ሐሳብ የሚጋሩም ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን አይገባውም እላለሁ።

ሰንጠረዥ እንደ ምስክር ነው፤ ያየውን ይናገራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ከአዲስ አበባ የረጅም ዘመን አማካይ ዝናብ ብንነሣ፣ ጁን 138፣ ጁላይ 280፣ ኦገስት 290፣ ሴፕቴምበር 149፣ ኦክቶበር 27፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር ደግሞ እያንዳንዳቸው 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያልጠቀስኋቸው ወሮች ሲጨመሩ የዓመቱ ድምር 1,165 ይሆናል። «በክረምት ብዙ ዝናብ ይጥላል» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም ሰንጠረዡን ጨርሶ ሳያዩም የሚጻፍ ነው። ምስክሩን የሰማ ተማሪ ግን ከፍተኛው ዝናብ በኦገስት 290 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ ጁላይና ኦገስት አንድ ላይ 570 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የዓመቱን ግማሽ ያህል መያዛቸውን፣ ከሴፕቴምበር ወደ ኦክቶበር ሲታለፍም ዝናቡ ከ149 ወደ 27 በአንድ ጊዜ ማሽቆልቆሉን ይጽፋል። አጠቃላይ አዝማሚያውን፣ ጫፎቹን፣ ከአዝማሚያው የሚያፈነግጠውን በቁጥርና በመለኪያ አስደግፎ ማሳየት ማለት ይህ ነው።

ምክንያቱ የሚፈለገው «አስረዳ» ሲባል ነው፤ ምስክሩ ያላየውን ከትምህርቱ ማምጣት የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን ምክንያቱ ከቁጥሩ ጋር መያያዝ አለበት፤ ከ149 ወደ 27 የወረደው የነፋሶች መገናኛ ቀጠና ወደ ደቡብ በመመለሱ እርጥበት አዘሉ ነፋስ ስለሚዳከም ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ ነጥቡን ያገኛል፤ ስለ ቀጠናው አንድ አንቀጽ ጽፎ ቁጥሩን ያልነካው ግን ግማሹን ብቻ መልሷል።

ምስክሩም ቢሆን የሚያውቀው ልክ አለው። አማካይ ስለሆነ ስለ አንድ የተለየ ዓመት ድርቅ ወይም ጎርፍ አይመሰክርም። በአየር ጠባይ ግራፍ ላይ የሙቀቱ መስመር የዝናቡን ዓምድ መቁረጡም በራሱ ትርጉም የለውም፤ የሁለቱ መለኪያ የተለያየ በመሆኑ ሚዛኑ ሲቀየር መገናኛው ነጥብም ይቀየራል። ወሮቹም የአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆኑ የኦገስትን 290 «የነሐሴ ዝናብ» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ ነሐሴ የሚጀምረው ኦገስት 7 ነውና።