የሚከፈልበት ኪሎ ሜትር ምንድን ነው?

በሞተር ብስክሌት ዕቃ የሚያደርስ ሰው የሚነዳውን ኪሎ ሜትር ሁሉ አይከፈለውም። ዕቃውን ለመቀበል ባዶውን ይሄዳል፣ አድርሶም ባዶውን ይመለሳል። ደንበኛው የሚከፍለው ዕቃው ለተጓዘበት መንገድ ብቻ ነው። የሚከፈልበት ኪሎ ሜትር የምንለው ይህንን ነው፤ ነዳጅና ጎማ ግን የሚያልቁት በተነዳው ኪሎ ሜትር ሁሉ ነው። በደንብ ያልታሰበበት ታሪፍ የሚከስረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው።

መነሻው ሞተሩ አንድ ኪሎ ሜትር ሲነዳ የሚያስወጣው ወጪ ነው። የነዳጁን ፍጆታ በአምራቹ መግለጫ ላይ ተመሥርቶ መገመት አይበጅም፤ በከተማ መጨናነቅ፣ ከጭነት ጋር ያለው ፍጆታ ከዚያ ከፍ ይላል። ታንኩን ሞልቶ ቆጣሪውን መመዝገብ፣ ጥቂት ቀናት ከሠሩ በኋላ እንደገና መሙላትና የተነዳውን ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ሙሊት በገባው ሊትር ማካፈል ይሻላል። ለስሌት እንዲመች በሊትር 40 ኪሎ ሜትር ሄደ፣ ሊትሩም 120 ብር ነው እንበል። የነዳጁ ድርሻ 3 ብር ይሆናል።

የሞተሩ ዕቃ ማለቅ ወጪም በዚሁ መንገድ ይገኛል፤ የእያንዳንዱ ነገር ዋጋ ለሚያገለግልበት ኪሎ ሜትር ይካፈላል። የሞተር ዘይት 900 ብር ሆኖ በየ3,000 ኪሎ ሜትር ቢቀየር 30 ሳንቲም፣ የኋላ ጎማ 4,800 ብር ሆኖ 12,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል 40 ሳንቲም፣ ካቴናው ከነጥርሶቹ 30 ሳንቲም፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላና ሌላው ጥቃቅን 50 ሳንቲም እንበል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ትልቁን ነው፤ እሱም ሞተሩ ራሱ ነው። በ150,000 ብር ተገዝቶ 60,000 ኪሎ ሜትር ከሠራ በኋላ በ60,000 ብር ቢሸጥ፣ በኪሎ ሜትር 1 ብር ከ50 ሳንቲም ዋጋው ወርዷል። ሲደመር የዕቃ ማለቁ 3 ብር፣ ከነዳጁ ጋር 6 ብር መጣ።

አሁን ባዶው መንገድ ይግባ። በአንድ ሳምንት ቆጣሪው 600 ኪሎ ሜትር አሳየ፤ ከዚያ ውስጥ የተከፈለበት 360 ነው፤ 40 በመቶው ባዶ ሄዷል ማለት ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ይፈጸማል፤ «40 በመቶ ባዶ ከሆነ 40 በመቶ ልጨምር» ተብሎ 6 ብሩ 8 ብር ከ40 ይደረጋል። የሳምንቱ ወጪ 3,600 ብር ነው፤ በዚህ ታሪፍ የሚሰበሰበው ግን 3,024 ብር ነው። የሚያስፈልገው መጨመር ሳይሆን ማካፈል ነው፤ 6 ለ0.6 ሲካፈል 10 ብር ይሆናል። ጉድለቱ ወዲያው አይታይም፤ ነዳጅ በየቀኑ ይገዛልና ገንዘቡ የበቃ ይመስላል። የሚገለጠው ጎማ የሚቀየርበት ቀን ሲደርስ ነው።

ይሁንና 10 ብርን ለሁሉም መንገድ እኩል ማስከፈል ፍትሐዊ አይደለም፤ ባዶው መንገድ ሁለት ዓይነት ነውና። ዕቃ ለመቀበል የሚኬደው ርቀት ማድረሻው ቅርብም ይሁን ሩቅ ያው ነው፤ መመለሻው ግን ከማድረሻው ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ትእዛዝ ሲቀበሉ፣ ዕቃው ሲነሣና ሲደርስ ቆጣሪውን በሦስቱም ጊዜ መመዝገብ ይጠቅማል። በሳምንቱ 40 ዕቃ ደርሶ ለእያንዳንዱ መቀበያ በአማካይ 2 ኪሎ ሜትር ከተነዳ፣ 80 ኪሎ ሜትር በመቀበያ፣ ቀሪው 160 በመመለሻ ሄዷል። የመቀበያው ወጪ 12 ብር የመነሻ ክፍያ ይሆናል። 360ው እና 160ው ተደምረው በ6 ብር ተባዝተው ለ360 ሲካፈሉ ደግሞ 8 ብር ከ67 ሳንቲም የኪሎ ሜትር ክፍያ ይወጣል። የ2 ኪሎ ሜትር ትእዛዝ በአንድ ወጥ ታሪፍ 20 ብር ብቻ ያመጣል፤ በዚህኛው ግን ወደ 29 ብር። አጭር ትእዛዝ የሚበዛበት ሞተረኛ ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ ትርፍ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የነጂው የድካም ዋጋና ትርፍ ገና አልተነኩም። ድካሙ የሚለካው በሰዓት ስለሆነ፣ ቢያንስ በር ላይ የሚጠበቅበት ጊዜ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ በመነሻ ክፍያው ላይ ቢጨመር ተገቢ ነው።

አማካዩ የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ፤ ትእዛዝ ከሚገኝበት አካባቢ ወጥቶ ርቆ መሄድ። ከዚያ ሲመለሱ ሌላ ዕቃ የማግኘት ተስፋ ስለሌለ፣ ከአካባቢው ወሰን ውጭ ላለው ኪሎ ሜትር መመለሻው ሙሉ በሙሉ ተቆጥሮ 12 ብር መጠየቅ ይገባል። ወሰኑን ደንበኛው አስቀድሞ ይወቀው፤ ዕቃው ከደረሰ በኋላ የሚነገር ጭማሪ ጭቅጭቅ ያስነሣል። ነዳጅ ሲወደድም ታሪፉ በዚያው መጠን አይነሣም። በዚህ ምሳሌ ነዳጅ የወጪው ግማሽ ስለሆነ፣ በ20 በመቶ ቢጨምር ታሪፉ የሚያድገው በ10 በመቶ ብቻ ነው።