የፖሊሲ ሠንጠረዥ ምንድን ነው?

መድን ስትገቡ የሚሰጣችሁ ሰነድ ብዙ ገጽ አለው። አብዛኛው ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ሆኖ የታተመ ነው። ስለ እናንተ ብቻ የሚናገረው ሠንጠረዡ ነው፤ የመድን ሰዎች «ስኬጁል» ይሉታል። የንብረቱ ዓይነት፣ የሚገኝበት አድራሻ፣ ውሉ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የመድን ገንዘቡ፣ ማለትም መድን ሰጪው ቢበዛ የሚከፍለው መጠን፣ እዚያ ላይ ተጽፏል። ንባቡን ከዚህ ጀምሩ።

ጎንደር አራዳ ላይ የሀበሻ ልብስ የሚሸጡ አንዲት እናት እናስብ። ሐምሌ ላይ ለዕቃቸው የእሳት መድን ገቡ። ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ የ600,000 ብር ልብስ ነበርና ሠንጠረዡ ላይ ይኸው ተጻፈ። ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ስለሚደራ ዕቃውን 1,000,000 ብር አደረሱት። በዚህ መሀል እሳት ተነሥቶ የ200,000 ብር ልብስ በላባቸው።

እሳቸው የሚጠብቁት ሙሉውን 200,000 ነው። የተቃጠለው ከ600,000 በታች ነው እኮ! ግን የታተመው ክፍል ውስጥ «አቬሬጅ» የሚባል አንቀጽ አለ። መድን የገቡት ከዕቃው ዋጋ 60 በመቶውን ብቻ ስለሆነ፣ ከጉዳቱም የሚከፈላቸው 60 በመቶው ነው፤ 120,000 ብር። ኤክሰስ፣ ማለትም ባለንብረቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ካለ፣ እሱም ይቀነሳል። ስለዚህ ሠንጠረዡ ላይ ያለውን የመድን ገንዘብ የምታነጻጽሩት ዛሬ ካላችሁ ዕቃ ጋር ሳይሆን፣ በዓመቱ ውስጥ ዕቃችሁ ከሚደርስበት ከፍተኛ ዋጋ ጋር ነው።

ቀጥሎ የትርጓሜው ክፍል ይነበብ። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህንን ነው፤ እኔ ግን እርሳስ ይዤ የማነበው እሱን ነው። «ዕቃ» የሚለው ቃል የባለመድኑ የራሱ ንብረት ማለት ብቻ ከሆነ፣ ሸማኔዎች «ሽጭልን» ብለው በአደራ የሰጧቸው ጥበብ ቀሚስ ቢቃጠል ካሳ የለውም። ውሉ እንግሊዝኛ ከሆነ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉና «ዕቃ» የሚለው ቃል ምንን እንደሚጨምር ጠይቁት።

ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው «ኢንዶርስመንት» ነው፤ ከውሉ ጋር የሚያያዝ የማሻሻያ ወረቀት ማለት ነው። የታተመው ክፍልና ማሻሻያው ከተጋጩ፣ የሚጸናው ማሻሻያው ነው። ነጋዴዋ ኅዳር ላይ ሄደው፣ ጭማሪ አረቦን ከፍለው የመድን ገንዘቡን 1,000,000 ማድረስ፣ የአደራውንም ልብስ በስም ማስጻፍ ይችሉ ነበር። ማሻሻያ የመድኑን ሽፋን የሚቀንስበት ጊዜም አለ፤ ለምሳሌ ሌሊት ዘበኛ ከሌለ ካሳ አይከፈልም ሊል ይችላል። ሠንጠረዡ ላይ የተዘረዘሩትን የማሻሻያ ቁጥሮች ከተያያዙት ወረቀቶች ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። የጎደለ ካለ ከመፈረማችሁ በፊት አምጡ በሉ። «እንጨምርልዎታለን» የሚል የቃል ተስፋ ከተሰጣችሁም፣ ወረቀቱንና የሚጸናበትን ቀን ሳታዩ አትውጡ።