ስለ ማይክሮኮንትሮለር ክሎክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ምሳሌዎቼን ሁሉ የምወስደው ከSTM32F103 ነው፤ ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለ ቺፕ ስለሆነ። ሌላ ቺፕ ላይ ቁጥሮቹ ይለያያሉ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

«ቦርዱ ላይ የትኛው ክሪስታል እንዳለ ቺፑ ራሱ ያውቃል»

አያውቅም። ከክሪስታሉ ወደ ቺፑ የሚገባው ምት ብቻ ነው። ምቱ በሰከንድ ስንት እንደሆነ ለኮዱ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ፤ `stm32f1xx_hal_conf.h` ውስጥ `HSE_VALUE` በሚባለው ቁጥር። ብዙ ጊዜ 8 ሜጋኸርዝ ተብሎ ተሞልቶ ይመጣል።

እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ቀን ጠፍቶብኛል። የ8 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ስላጣሁ የ12 በየድኩ። ምቱን አባዝቶ ለቺፑ የሚያቀርበውን የፒኤልኤል ማባዣም ከ9 ወደ 6 ቀየርኩ፤ 12 በ6 ሲባዛ 72 ነው፣ ልክ ነው ብዬ። `HSE_VALUE`ን ግን አልነካሁትም። ቺፑ በ72 ሜጋኸርዝ እየሮጠ፣ ኮዱ 8ን በ6 አባዝቶ 48 ነው ብሎ ያሰላ ነበር። በሰከንድ 115200 ቢት ወደ ኮምፒውተር እንዲልክ ያዘዝኩት ዩአርት በ172800 ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚመጣው የማይነበብ ፊደል ነው። በየ1 ሰከንዱ እንዲቀያየር ያልኩት መብራት ደግሞ በ0.67 ሰከንድ ይቀያየራል።

ፍንጩ እዚሁ ነበር። ሁለቱም የተሳሳቱት በ1.5 እጥፍ ነው፤ 12 ለ8 ሲካፈልም 1.5 ነው። ስህተቱ ሁሉም ቦታ በእኩል መጠን ከታየ ችግሩ ከምንጩ ነው። ዩአርቱ ብቻ ከተሳሳተ ግን የራሱን ቅንብር ፈትሹ።

```c
#define HSE_VALUE 12000000U
```

ክሪስታሉን መለካት ከፈለጋችሁ የኦሲሎስኮፑን ጫፍ እግሩ ላይ አታድርጉ። የጫፉ ካፓሲታንስ ድግግሞሹን ሊያዛባው፣ ጭራሽም ሊያቆመው ይችላል። ምቱን በPA8 ፒን አስወጡትና እዚያ ለኩ፦

```c
HAL_RCC_MCOConfig(RCC_MCO1, RCC_MCO1SOURCE_HSE, RCC_MCODIV_1);
```

«72 ሜጋኸርዝ ካልኩ ሁሉም ነገር በ72 ይሠራል»

ኮሩ አዎ። APB1 የሚባለው ባስ ግን ጣሪያው 36 ስለሆነ ክሎኩ ለ2 ተካፍሎ ነው የሚደርሰው። ሰው የሚሳሳተው ታይመሮቹ ላይ ነው። የባሱ ማካፈያ ከ1 በላይ ሲሆን ቺፑ ለታይመሮቹ የባሱን ክሎክ መልሶ በ2 ያባዛዋል። ስለዚህ ታይመር 2 ያለው 36 ላይ በሚሠራው ባስ ላይ ቢሆንም የሚቆጥረው በ72 ነው። በ36 አስባችሁ ካሰላችሁት ሁሉም ነገር በግማሽ ጊዜ ያልቃል።

«ፒኤልኤል ክሎኩን የበለጠ ትክክለኛ ያደርገዋል»

ፒኤልኤል የሚያባዛው ምቱን ነው፤ ስህተቱም አብሮ ይባዛል። በመቶኛ ሲታይ ምንም አልተሻሻለም። ቺፑ ውስጥ ያለው የክሎክ ምንጭ፣ ኤችኤስአይ፣ 1 በመቶ ከሳተ፣ ከፒኤልኤል የሚወጣውም 1 በመቶ የሳተ ነው። ለዩአርት ይህ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ዩኤስቢ በሙሉ ፍጥነቱ ግን ከ0.25 በመቶ በላይ ስህተት አይቀበልም፤ ለእሱ ክሪስታል የግድ ነው።

«ክሎኩን ዝቅ ካደረግኩ ባትሪው ይቆያል»

ቺፑ ሁልጊዜ ነቅቶ የሚቆይ ከሆነ፣ አዎ። በየጊዜው ነቅቶ ትንሽ ሠርቶ የሚተኛ ከሆነ ግን መጀመሪያ ማስላት ያስፈልጋል። 720,000 ምት የሚጠይቅ ሥራ በ72 ሜጋኸርዝ 10 ሚሊሰከንድ፣ በ8 ደግሞ 90 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ከፍጥነቱ ጋር የሚቀያየረው የፍጆታ ክፍል በድምሩ በሁለቱም ያው ነው፤ የምቱ ብዛት እኩል ነውና። ከፍጥነት ጋር የማይቀንስ ፍጆታ ግን አለ፤ በዝግታው ይህ ለ90 ሚሊሰከንድ ይከፈላል። ቶሎ ጨርሶ ማይክሮአምፔር ብቻ ወደሚወስደው የስቶፕ እንቅልፍ መግባት ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

ትርፉ ግን በወረቀት ላይ እንደሚታየው ሙሉ አይደለም። በ72 ሜጋኸርዝ ፍላሽ ሜሞሪው ኮሩን በየንባቡ 2 ምት ያስጠብቀዋል፤ በ8 ግን አያስጠብቀውም። ፒኤልኤሉም ራሱ ኃይል ይወስዳል። በአሚሜትር ለክታችሁ ወስኑ። ለማትጠቀሙባቸው ክፍሎች የሚሄደውን ክሎክ መዝጋት ግን ምንም ስሌት አይፈልግም፤ ዝም ብላችሁ ዝጉት።

ስቶፕ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ቺፑ ሲነቃ ፒኤልኤሉ ጠፍቶ፣ በኤችኤስአይ 8 ሜጋኸርዝ ነው የሚነሣው። ዩአርቱ ላይ ያለው ቅንብር አልተነካም፤ ክሎኩ ግን በ9 እጥፍ ወርዷል። 115200 የነበረው 12800 ይሆናል። «ከመተኛቱ በፊት ይሠራ ነበር፣ ከነቃ በኋላ ፊደሉ ተበላሸ» የምትሉ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ልክ እንደነቃ `SystemClock_Config()`ን እንደገና ጥሩት።