ጥቂት ፊቸር ላለው ሶፍትዌር ሦስት ፓኬጅ ማውጣት

በየወሩ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በሦስት ፓኬጅ ነው፦ መነሻ፣ መካከለኛና ከፍተኛ። አንድን ዕቃ በዋጋ ደረጃ መደርደር ከሶፍትዌር በፊትም ነበር። ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መኪኖቹን ከሼቭሮሌት እስከ ካዲላክ በዋጋ ደርድሮ ይሸጥ ነበር። ሦስት መሆኑም ምክንያት አለው። የማርኬቲንግ ተመራማሪው ኢታማር ሳይመንሰን እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሰው ከሁለት ጫፍ ምርጫዎች ይልቅ ወደ መሃሉ ያዘነብላል።

ሶፍትዌሩ ብዙ ፊቸር ካለው ማከፋፈሉ ብዙም አያስቸግርም። ጭንቁ የሚመጣው አራት ነገር ብቻ ሲሠራ ነው። ለምሳሌ የቀጠሮ ማስታወሻ ሶፍትዌር እንውሰድ። ቀጠሮ ይመዘግባል፣ ባለቀጠሮውን በኤስኤምኤስ ያስታውሳል፣ የሰዎችን ዝርዝር ይይዛል፣ በወር አንዴ ሪፖርት ያወጣል። በቃ፣ ሌላ የለውም።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት እነዚህን አራቱን መሸንሸን ነው። ኤስኤምኤሱን ከመነሻው አውጥተው ለመካከለኛው ይሰጡታል። ግን ገዢው የመጣው ለኤስኤምኤሱ ነው። ያለ እሱ የቀረው ተራ የቀጠሮ ደብተር ነው። መነሻውን የገዛው ሰው ሶፍትዌሩ ለምን እንደሚጠቅም ሳያየው ይሄዳል። ስለዚህ ዋናው ሥራ በሦስቱም ፓኬጅ ውስጥ ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት። የሚለያየው መጠኑ ነው። የሥራ ባልደረቦች መልእክት የሚለዋወጡበት ስላክ የተባለው ሶፍትዌር ነፃ ፓኬጁን የገደበው በዚህ መንገድ ነው። ማንም መልእክት ይጽፋል፣ ነገር ግን ለዓመታት ማየት የሚቻለው የቅርቡን 10,000 መልእክት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ገደቡ ወደ 90 ቀን ተቀየረ።

በምሳሌያችን መለኪያው በወር የሚላከው የኤስኤምኤስ ብዛት ይሁን። ገዢው ሥራው ሲደራ ቁጥሩም አብሮ ስለሚያድግ ተስማሚ መለኪያ ነው። ገደቡ የት ይቀመጥ? የአሁኖቹን ተጠቃሚዎች የወር ቁጥር ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ ማየት ነው። ብቻውን የሚሠራው ባለሙያ ከ80 እስከ 150፣ ሦስት አራት ሠራተኛ ያለው ቤት ከ400 እስከ 700፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ደግሞ ከ1,000 በላይ ይልካል እንበል። ገደቡ የሚቀመጠው ሰው በሌለበት ክፍተት ላይ ነው። መነሻው 200፣ መካከለኛው 800፣ ከፍተኛው 2,000 ይሆናል። 120 ላይ ቢደረግ ኖሮ ግማሹ ባለሙያ ወሩ ሳያልቅ ገደብ ላይ ይደርስና ይናደዳል።

ዋጋው 9፣ 29 እና 69 ዶላር ነው እንበል። አንድ ኤስኤምኤስ ሻጩን 2 ሳንቲም ካስወጣው፣ ገደቡን እስከ ጫፍ የተጠቀመ ሰው በቅደም ተከተል 4፣ 16 እና 40 ዶላር ያስወጣዋል። ሁሉም ላይ ትርፍ አለ። ከፍተኛውን «ያለ ገደብ» ማለት ያጓጓል፣ አደጋው ግን እዚያ ላይ ነው። 4,000 የሚልክ አንድ ገዢ 80 ዶላር ያስወጣል፣ የሚከፍለው 69 ነው። ከ2,000 በላይ ለሚላከው በየመልእክቱ ማስከፈል ይሻላል።

አሁንም አንድ ቀዳዳ ይቀራል። በወር 350 የሚልክ ሰው 29 ዶላር ከሚከፍል ሁለት መነሻ አካውንት ከፍቶ በ18 ይገላገላል። ይህ በተግባር የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ገዢውም አይፈረድበትም። ቁጥር ብቻውን አጥር አይሆንም ማለት ነው። መካከለኛው ላይ አካውንት በመከፋፈል የማይገኝ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። እዚህ የሚያዋጣው የጋራ ካላንደር ነው፤ ሠራተኞች አንዱ የሌላውን ቀጠሮ ካላዩ ሁለት ሰው በአንድ ሰዓት ይቀጠራል። ብቻውን ለሚሠራው ይህ ምንም አያጎድልበትም፣ ለቡድን ግን የግድ ነው። እንዲህ ያለ አጥር ካልተገኘ ሁለት ፓኬጅ ይበቃል። ከፍተኛው ላይ ደግሞ ቅርንጫፎችን በአንድ ላይ የሚያሳይ ሪፖርትና ፈጣን የስልክ ድጋፍ ይገባሉ። የስልክ ድጋፍ ኮድ አይጠይቅም፣ የሰው ሰዓት ግን ይበላልና ዋጋው ሲወጣ መታሰብ አለበት።

ክፍፍሉ መሳቱ ከሽያጩ ይታወቃል። ሁሉም መነሻው ላይ ተከማችቶ ማንም ገደቡን ካልነካ ገደቡ ልል ነው። ሰዎች ወደ መካከለኛው ወጥተው በሁለተኛው ወር ከተመለሱ የገፋቸው የአንድ ወር ግርግር እንጂ የዘወትር ፍላጎት አይደለም፤ እነሱን ወደ ላይኛው ፓኬጅ ከማስገደድ ለዚያ ወር ብቻ ተጨማሪ 100 መልእክት መሸጥ ይበልጣል። «ለእኔ የሚሆነኝ የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ከበዛ ደግሞ ችግሩ ከዋጋው ይልቅ ፓኬጆቹ ለማን እንደተሠሩ ግልጽ አለመሆኑ ነው። «ብቻዎን ይሠራሉ»፣ «ቡድን አለዎት»፣ «ቅርንጫፍ አለዎት» የሚሉት ሦስት ርዕሶች ከረጅም የፊቸር ሠንጠረዥ በተሻለ ይመልሱታል።