አንዳንዱ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ይንጠለጠላል፦ ስለ ኤምቲዩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ራውተር ከቀየርኩ ወዲህ ዩቲዩብ ያለ ችግር ይጫወታል፣ ጎግልም ይከፈታል። አንዳንድ ገጾች ግን ሲሽከረከሩ ይቆዩና ሳይከፈቱ ይቀራሉ። ምን ሆኖ ነው?»

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥም መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፓኬት፣ ማለትም ዳታ ተከፋፍሎ የሚጓዝበት ጥቅል፣ መጠን ነው። የተለመደው የኤተርኔት መስመር በአንድ ፓኬት እስከ 1500 ባይት ይሸከማል። ይህ ጣሪያ ኤምቲዩ ይባላል። ከአቅራቢው ጋር በፒፒፒኦኢ የሚገናኝ ራውተር ላይ ግን (የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ራውተሩ ውስጥ የሚሞላበት ዓይነት ነው) ፒፒፒኦኢ ለራሱ 8 ባይት ይወስዳል። የሚቀረው 1492 ነው። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። እሱ የሚያየው እስከ ራውተሩ ያለውን መስመር ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ 1500 ነው። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከነዚህ 8 ባይቶች ነው።

«ፒንግ ሳደርግ ወዲያው ይመልሳል። ስለዚህ መስመሩ ደህና ነው»

ፒንግ ዝም ብሎ ሲላክ በጣም ትንሽ ነው። ዊንዶውስ 32 ባይት፣ ሊኑክስ 56 ባይት ዳታ ይዞ ይልካል። ይቺን የማያሳልፍ መንገድ የለም። ጥያቄው ትልቁ ፓኬት ያልፋል ወይ ነው። ስለዚህ ፒንጉን ማሳበጥና «እንዳትቆረጥ» የሚል ምልክት ማስያዝ ያስፈልጋል፦

```
# Windows
ping -f -l 1472 1.1.1.1
# Linux
ping -M do -s 1472 1.1.1.1
```

1472 የዳታው መጠን ነው። በላዩ ላይ 8 ባይት የፒንጉ ራስጌ እና 20 ባይት የአይፒ ራስጌ ሲጨመር 1500 ይሞላል። መስመሩ 1492 ብቻ የሚሸከም ከሆነ ይህ አያልፍም። ወይ `Packet needs to be fragmented but DF set` ወይም `Frag needed and DF set (mtu = 1492)` የሚል መልስ ይመጣል። ቁጥሩን ወደ 1464 ሲያወርዱት ካለፈ፣ 1464 እና 28 ተደምረው 1492 ነው። የመስመሩ ትክክለኛ ኤምቲዩ ተገኘ ማለት ነው። ስህተትም መልስም ሳይመጣ ዝም ካለ ደግሞ የባሰ ነው፤ ፓኬቱ ጠፍቷል፣ መጥፋቱን የነገረ ግን የለም። እዚያው ላይ ሳይቆሙ ሌላ አድራሻ መሞከር ጥሩ ነው፤ ትልቅ ፒንግ ሲመጣበት የማይመልስ ሰርቨር አለና።

«ሌሎቹ ገጾች እየከፈቱ ይቺ ብቻ እምቢ ካለች፣ ጥፋቱ የገጿ ነው»

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ነገሩ ሁሉ የሚገለጠው እዚህ ነው።

አሳሹ ከገጹ ሰርቨር ጋር ቲሲፒ በሚባለው ፕሮቶኮል ሲገናኝ መጀመሪያ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። በዚህ ሰላምታ ላይ ኮምፒውተሩ «በአንድ ፓኬት እስከ 1460 ባይት ዳታ ልትልክልኝ ትችላለህ» ይላል። ይህ ቁጥር ኤምኤስኤስ ይባላል። ከ1500 ላይ 20 ባይት የአይፒ፣ 20 ባይት የቲሲፒ ራስጌ ሲቀነስ የሚገኝ ነው። የሰላምታዎቹ ፓኬቶች ትንንሽ ስለሆኑ ያለ ችግር ያልፋሉ። ግንኙነቱ ተመሠረተ። አሳሹ የምስጠራ ጥያቄውን ይልካል፤ እሱም ይደርሳል።

አሁን ተራው የሰርቨሩ ነው። ማንነቱን የሚያሳይ ሰርተፊኬት መላክ አለበት። መልሱ 3600 ባይት ነው እንበል። ሰርቨሩ በተነገረው መሠረት ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ 1460፣ 1460 እና 680። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከነራስጌያቸው 1500 ባይት ናቸው። የአቅራቢው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ 1492 ውስጥ አይገቡምና ይጣላሉ። ሦስተኛው ትንሽ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ጋ ይደርሳል። ኮምፒውተሩ «መጨረሻው ደርሶኛል፣ የፊተኛው ግን ጎድሎኛል» ብሎ ይመልሳል። ሰርቨሩ የጎደለውን እንደገና ይልካል፤ በዚያው መጠን። እንደገና ይጣላል። ይህ ነው ያ ማለቂያ የሌለው መሽከርከር።

በዓይን ለማየት `curl -v` በቂ ነው። እንዲህ ካለ በኋላ ቀጥ ይላል፦

```
* Connected to example.org port 443
* TLSv1.3 (OUT), TLS handshake, Client hello (1):
```

ተገናኝቷል፣ ጥያቄውን ልኳል፣ መልሱ ግን የለም። ሰርቨሩ የሞተ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው መስመርም አይታይም ነበር።

ታዲያ ሌሎቹ ለምን ይከፈታሉ? ምክንያቱ አንድ አይደለም። ጎግልና ዩቲዩብ አብዛኛውን ጊዜ ኩዊክ በሚባለው ፕሮቶኮል ነው የሚሠሩት። እሱ በቲሲፒ ፋንታ ዩዲፒ በሚባለው ላይ ይሄዳል፤ ሲጀምርም ከ1200 ባይት ብዙም በማይበልጡ ፓኬቶች ስለሆነ ጣሪያውን አይነካም። ሌሎች ሰርቨሮች ደግሞ «መንገዱ ጠባብ ነው» የሚለው መልእክት ደርሷቸው መጠኑን ይቀንሳሉ። መልእክቱ ባይደርሳቸውም ትልቁ ፓኬት ሲጠፋባቸው በራሳቸው አነስ አድርገው የሚሞክሩም አሉ፤ ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2007 አርኤፍሲ 4821 በተባለው የኢንተርኔት ደረጃዎች ሰነድ ተጽፏል። የምትንጠለጠለው ገጽ ከሦስቱ አንዱም የላትም። ስለዚህ እሷም የድርሻዋን አጥፍታለች፤ ጠባቡ መንገድ ግን የእኛው ነው።

«ፓኬቱ ከተለቀ ራውተሩ ቆራርጦ ያሳልፈዋል»

በአይፒቪ4 ራውተር ፓኬት መቁረጥ ይችላል። ግን ፓኬቱ «አትቁረጠኝ» የሚል ምልክት ከያዘ አይነካውም፤ የዛሬ ቲሲፒ ትራፊክ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይህን ምልክት ይዞ ነው የሚጓዘው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ አለ፤ በአርኤፍሲ 1191 የተቀመጠ ነው። ራውተሩ የማይገባውን ፓኬት ይጥላል፣ ከዚያ ለላኪው «እዚህ ጋ ያለው ጣሪያ ይህን ያህል ነው» ብሎ አይሲኤምፒ በሚባለው የኔትወርክ መልእክት ይነግረዋል፤ ፒንግም የሚሄደው በዚሁ ነው። ላኪው መጠኑን ያስተካክላል። በአይፒቪ6 ደግሞ ራውተር መቁረጥ ጨርሶ አይፈቀድለትም።

ተቆርጦ ቢያልፍም እፎይ አይባልም። የፖርት ቁጥሩ ያለው በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ብቻ ነው። የቀሩት የማን እንደሆኑ ስለማይታወቅ ብዙ ፋየርዎሎች ይጥሏቸዋል። ከቁራጮቹ አንዱ ከጠፋ ደግሞ ሙሉው ፓኬት ጠፋ ማለት ነው። የዲኤንኤስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2020 የዩዲፒ መልሶች ከ1232 ባይት እንዳይበልጡ የተስማሙት ከዚሁ ለመሸሽ ነው።

«አይሲኤምፒን ጨርሶ መዝጋት ጥሩ የደኅንነት ልማድ ነው»

ይህ አመለካከት በጣም ያሳስበኛል፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው በዚህ ነውና። አንድ የሰርቨር አስተዳዳሪ ፒንግ እንዳይደረግ ብሎ አይሲኤምፒን በጅምላ ሲዘጋ፣ «ጣሪያው 1492 ነው» የሚለውን መልእክትም አብሮ ይዘጋል። መልእክቱ ዓይነት 3 ኮድ 4 ይባላል። እሱ ከተዘጋ ሰርቨሩ ፓኬቶቹ ለምን እንደሚጠፉ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም። ፓኬቱ ይገባል፣ ደብዛው ይጠፋል። ለዚህም ነው በሙያው «ጥቁር ጉድጓድ» የሚባለው።

ፒንግን ብቻ መዝጋት የሚፈልግ ይዝጋ። ዓይነት 3 ኮድ 4 ግን ይለፍ። በአይፒቪ6 አቻው ዓይነት 2 ነው፤ እዚያ ራውተር ስለማይቆርጥ መዝጋቱ የበለጠ ይጎዳል። ፋየርዎሉ የኛ ካልሆነ ግን ልመና ዋጋ የለውም፤ መፍትሔው በኛ በኩል መምጣት አለበት።

«ችግሩ የሚመጣው ከሰርቨሩ በኩል ከሆነ፣ እኔ ቤት ሆኜ ምንም ማድረግ አልችልም»

ይቻላል፤ ያውም ሰርቨሩን ሳይነኩ። ሰርቨሩ 1460 የላከው እኛ 1460 ስላልነው ነው። 1452 ብንለው ኖሮ የሚልከው ፓኬት ከነራስጌው 1492 ይሆንና ልክክ ብሎ ያልፋል። በየኮምፒውተሩ መዞርም አያስፈልግም። ራውተሩ በውስጡ የሚያልፈውን ሰላምታ አይቶ ቁጥሩን ማስተካከል ይችላል። በራውተሩ ገጽ ላይ `MSS Clamping` የሚል ምርጫ ካለ ማብራት ነው። ራውተሩ ሊኑክስ ከሆነ ደግሞ ይህቺው ትበቃለች፦

```
iptables -t mangle -A FORWARD -p tcp \
  --tcp-flags SYN,RST SYN \
  -j TCPMSS --clamp-mss-to-pmtu
```

መጀመሪያ የራውተሩ የፒፒፒኦኢ በይነገጽ ራሱ 1492 መባሉን ማየት ይገባል። 1500 ተብሎ ከተሞላ ትእዛዙም የሚያሰላው በተሳሳተ ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ ራውተር ሲቀየር የሚፈጠረው ይኸው ነው፤ አሮጌው ማስተካከያውን በራሱ ያደርግ ነበር፣ አዲሱ ላይ ግን ጠፍቷል ወይም ኤምቲዩው 1500 ተብሏል።

ከዚያ አሳሹን ዘግቶ መክፈት ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የተጀመረ ግንኙነት የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ነውና። በ`tcpdump` የራውተሩን የውጭ በይነገጽ ካዩ፣ በሚወጣው ሰላምታ ላይ `mss 1460` የነበረው `mss 1452` ሆኖ ይታያል።

«ኤምቲዩን መቀነስ ኢንተርኔቱን ያዘገያል»

ሒሳቡ አጭር ነው። 1500 ባይት ፓኬት ውስጥ 1460 ዳታ ነው፤ 97.33 በመቶ። 1492 ውስጥ 1452፤ 97.32 በመቶ። 1400 ቢደረግ እንኳ 97.14 በመቶ ነው። ማንም ሰው በዓይኑ የሚለየው ልዩነት አይደለም።

«ኤምኤስኤስን ካስተካከልኩ ሁሉም ነገር ይስተካከላል»

የሚስተካከለው ቲሲፒ ብቻ ነው። ዩዲፒ እንዲህ ያለ ሰላምታ የለውም፤ ስለዚህ ራውተሩ የሚቀይረው ቁጥርም የለም። ይህ ብዙ ጊዜ የሚታየው ቪፒኤን ላይ ነው። በዩዲፒ የሚጓዘውን ዋየርጋርድን እንውሰድ። በተለምዶ ለራሱ በይነገጽ 1420 ይይዛል፤ ይህም ከ1500 ላይ ቪፒኤኑ በየፓኬቱ ለሚጨምረው 80 ባይት ተቀንሶ የመጣ ነው። ከውጭ የሚጓዝበት መንገድ አይፒቪ4 ከሆነ ጭማሪው 60 ባይት ብቻ ስለሆነ 1480 ይሆንና በ1492 ውስጥ ያልፋል። አይፒቪ6 ሲሆን ግን 1420 እና 80 ተደምሮ 1500 ይሞላል፤ አያልፍም። ያኔ የቪፒኤኑን ኤምቲዩ ራሱን ወደ 1412 ማውረድ ነው። የማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ፣ `[Interface]` በሚለው ክፍል ሥር አንድ መስመር ይጨመራል፦

```
MTU = 1412
```