የእርጅና ቅናሽ ምንድን ነው? አዲስ ወይስ ሦስት ዓመት የተነዳ መኪና

አዲስ መኪና ገዝታችሁ ሰሌዳው በተለጠፈ ማግስት ልሽጠው ብትሉ፣ የከፈላችሁትን የሚሰጣችሁ ሰው አታገኙም። መኪናው ገና አቧራ አልነካውም። ግን ስሙ ተቀይሯል፤ «ያገለገለ» ሆኗል። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዕድሜና በኪሎ ሜትር ምክንያት ከዋጋው የሚወርደው ገንዘብ የእርጅና ቅናሽ ይባላል።

መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ነዳጁን፣ ኢንሹራንሱን፣ ወርሃዊ ክፍያውን ያሰላል። ይሄኛውን ግን ይረሳዋል። ደረሰኝ የለውማ! የሚታወቀው መኪናው በሚሸጥበት ቀን ነው። ሆኖም አዲስ መኪና ለያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከነዳጅም በላይ የሚበላው ወጪ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ዋናው ነገር ቅናሹ በየዓመቱ እኩል አለመሆኑ ነው። አዲስ መኪና እንደልብ በሚገኝበት ገበያ፣ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ15 እስከ 25 በመቶ ይወርዳል። ሦስት ዓመት ሲሞላው 40 በመቶ ገደማ ያጣል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ይለዝባል። ለምን? የመጀመሪያው ገዢ የሚከፍለው ለብረቱና ለሞተሩ ብቻ አይደለም። ቀለም ለመምረጥ፣ ሙሉ የፋብሪካ ዋስትና ለማግኘት፣ ለሻጩ ትርፍ፣ ማንም ያልነዳውን ለመንዳት ጭምር ይከፍላል። ሁለተኛው ገዢ ለዚህ ሁሉ አይከፍልም። በዚያ ላይ «ለምን ሸጠው?» የሚል ጥርጣሬ አለው፤ ለጥርጣሬውም ዋጋ ይቀንሳል።

በቁጥር እንየው። የአዲሱ መኪና ዋጋ 100 ይሁን። ያው ሞዴል፣ ሦስት ዓመት የተነዳው፣ 60 ይሸጣል እንበል። ገዢያችን ያጠራቀመችው 35 ነው። አዲሱን ከመረጠች 30 ቅድሚያ ትከፍላለች፣ 5 ይቀራታል፣ 70 በ12 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ትበደራለች። በየወሩ 1.56 ትከፍላለች፤ ወለዱ በድምሩ 23 አካባቢ ይሆናል። ያገለገለውን ከመረጠች 25 ብቻ ትከፍልና 10 ይቀራታል። 35 ትበደራለች። ላገለገለ መኪና ባንኮች ብዙ ጊዜ ወለዱን ከፍ ስለሚያደርጉ 14 በመቶ እንበለው፣ ለሦስት ዓመት። ወርሃዊ ክፍያዋ 1.2፣ ወለዱ 8 ገደማ ይመጣል።

አምስት ዓመት ነድታ ብትሸጠውስ? አዲስ የነበረው አምስት ዓመት ሞልቶት ወደ 46 ይወርዳል፤ 54 አጥቷል። ሌላኛው ስምንት ዓመት ሞልቶት 32 ያወጣል፤ ያጣው 28 ነው። ወለዱን ስንጨምር አዲሱ 77፣ ያገለገለው 36 አስወጣት ማለት ነው። ልዩነቱ 41 ነው። እርግጥ ያገለገለው ጥገና ይፈልጋል። በነዚያ ዓመታት ውስጥ ጎማው፣ ባትሪው፣ የፍሬን ሸራው መቀየራቸው አይቀርም። የታይሚንግ ቀበቶ ያለው ሞተር ከሆነ እሱም ተራው ይደርሳል። ከአዲሱ ይልቅ 12 ተጨማሪ ወጪ ብናስብለት እንኳ 29 ይተርፋታል። አቅሙ ለተወሰነ ሰው ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

እኔን ግን ከድምሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ገዢዋ 30 ሳይሆን 10 ብቻ ቅድሚያ ከፍላ አዲሱን ብትወስድ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ዕዳዋ ገና 76 ነው። የመኪናው ዋጋ በዚያ ዓመት 25 በመቶ ከወረደ 75 ሆኗል። ሥራ ቢቋረጥባትና ልትሸጠው ብትገደድ፣ መኪናውን አስረክባም ዕዳ ይቀርባታል። መኪናው በአደጋ ሙሉ በሙሉ ቢወድምም ያው ነው። ኢንሹራንስ በተለምዶ የሚከፍለው የዕለቱን የገበያ ዋጋ እንጂ የተገዛበትን አይደለምና። ስለዚህ አዲስ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ቅድሚያ ክፍያው ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ቅናሽ የሚሸፍን ይሁን።

ያገለገለውን የሚገዛም እጁ ላይ ያለውን ሁሉ አሟጦ አይክፈል። ከላይ የተረፈችው 10 የሞተች ገንዘብ አይደለችም። አንድ ትልቅ ጥገና ቢመጣ መኪናው ጋራዥ እንዳይቆም የምታደርገው እሷ ናት። የፋብሪካ ዋስትና በብዙ ሞዴል ሦስት ወይም አምስት ዓመት ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት የሞላው መኪና አንዳንዱ ዋስትናው ገና ያለቀ፣ አንዳንዱ ሁለት ዓመት የቀረው ነው። ዋስትናው ለሁለተኛ ባለቤት መተላለፉን በጽሑፍ ጠይቁ።

ይህ ስሌት የሚገለበጥበት ጊዜም አለ። አዲስ መኪና ሲጠፋ ወይም ወረፋው ሲረዝም ያገለገለው ይወደዳል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 መኪና ውስጥ የሚገባው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ በዓለም ላይ ሲያጥር በብዙ ገበያ የሆነው ይኸው ነው። ሦስት ዓመት የተነዳው 60 ሳይሆን 85 ከተጠየቀበት፣ አዲሱም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው ማለት ነው። አዲሱ በአምስት ዓመት 25 ቢያጣ፣ ያገለገለውም 23 ሊያጣ ይችላል። ያኔ ለ2 ብላችሁ ዋስትና የሌለውንና ታሪኩን የማታውቁትን መኪና አትግዙ። አንድ ገበያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ የአንድን ሞዴል የአዲሱን፣ የሦስት ዓመቱን፣ የአምስትና የስምንት ዓመቱን ዋጋ አጠያይቃችሁ ጎን ለጎን ጻፉት። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

የ60ው መኪና 60 የሚያወጣው ግን የሚባለውን ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው። አንድ ጓደኛዬ ሊገዛ ያየው መኪና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ቆጣሪው 28 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ። ጎንበስ ብለን ጎማዎቹን አየን። ጎማ ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱ ናቸው። 1823 ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር የ2023 18ኛ ሳምንት ነው። አራቱም ጎማዎች ከመኪናው በሁለት ዓመት ያንሳሉ። ጎማ በተለምዶ ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ታዲያ 28 ሺህ ሳይሞላ አራቱም ለምን ተቀየሩ? የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ደግሞ ጠርዙ አልቆ ለስልሷል። ሻጩ መልስ አልነበረውም። የሰርቪስ ታሪኩ ሲጣራ፣ ከአንድ ዓመት በፊት ጋራዥ የገባው በ61 ሺህ ኪሎ ሜትር ነበር።

ሌላው ግጭት ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ፓራፋንጎው የታሰረባቸውን ብሎኖች እዩ። ቀለማቸው ተልጦ ከሆነ ተፈትተዋል። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው መካኒክ ካገኛችሁ ደግሞ ግምት አያስፈልግም። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው። አንድ በር ላይ ብቻ ቁጥሩ ብዙ መቶ ካለ ከሥሩ ስቱኮ አለ። የተፋቀ በር ብቻውን መኪናውን አይጥለውም፤ ዋጋ ያስቀንሳል። ሻሲው ከተመታ ግን 60 ቀርቶ 45ም ቢሉት ተዉት።

ሻጩንም ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳ ንገሩት። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚሰማው ድምፅና የሚወጣው ጭስ ከሞቀ በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ደርሳችሁ ኮፈኑን በእጃችሁ ስትነኩት ከሞቀ፣ በሌላ ቀን ጠዋት ተመልሳችሁ ኑ።